ደም እና ድርቀት ላለበት ሰው የኮሎኖስኮፒ ዝግጅት፦ ምን ይገኛል፣ አንጀቱስ እንዴት ይታጠባል?

በምሠራበት የኢንዶስኮፒ ክፍል አንዲት የ54 ዓመት እናት ለኮሎኖስኮፒ መጥተው ምርመራው ሳይጠናቀቅ ተመልሰዋል። ለዓመታት የሆድ ድርቀት ነበረባቸው፤ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ሰናመኪ አፍልተው ይጠጡ ነበር። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ደግሞ በሰገራቸው ላይ ደም ማየት ጀመሩ፣ ደም ማነስም ስለተገኘባቸው የብረት ክኒን ይወስዱ ነበር። ሐኪሙ መሣሪያውን ሲያስገባ ስክሪኑ ላይ የታየው የአንጀት ግድግዳ ሳይሆን ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሰገራ ነበር፤ በመካከሉም የምስር ልጣጭና የጤፍ ብጣሪ ይንሳፈፋል። በውሃ ለማጠብ ቢሞከርም አልሆነም፤ የግራው የአንጀት ክፍል በከፊል ታይቶ ምርመራው ተቋረጠ። እሳቸው ግን «የተሰጠኝን መድኃኒት ጠጥቻለሁ» ያሉት እውነታቸውን ነበር፤ ምን እንደተሳሳተ ዝግጅቱን ስንደርስበት እናየዋለን። ይህ መመሪያ የእሳቸውን ሁለተኛ ዝግጅት ይከተላል። ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር ግን ቀይሬዋለሁ።

ምርመራው ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ይለዩ

ኮሎኖስኮፒ በፊንጢጣ ገብቶ የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ትልቁ ከትንሹ አንጀት ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ቱቦው የጣት ያህል ውፍረት አለው፣ እንደ ልብ ይተጣጠፋል፤ ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ተገጥሞለታል። በውስጡ ባለው ቀጭን መተላለፊያ ደግሞ ናሙና መቁረጫ ወይም ፖሊፕ አንቆ የሚቆርጥ የሽቦ ቀለበት ይገባል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያሳየው የአንጀትን መልክ ነው፤ አንጀቱ በዕለት ተዕለት ሥራው ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አይለካም።

ለዓመታት ድርቀት የኖረበት ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አብዛኛው የቆየ ድርቀት የሚመጣው አንጀቱ ሰገራን ቀስ ብሎ ስለሚገፋ፣ ሲያምጡ ሊላሉ የሚገባቸው የፊንጢጣ ጡንቻዎች በተቃራኒው ስለሚጨመቁ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ስለቀነሰ፣ ወይም በሚወሰድ መድኃኒት የተነሳ ነው፤ የብረት ክኒን፣ እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና አሚትሪፕቲሊን በዚህ ይታወቃሉ። ከእነዚህ አንዱም በካሜራ አይታይም። ድርቀት ብቻ ያለበት፣ ደምም ሆነ የክብደት መቀነስ የሌለበት ሰው ሲመረመር ምንም ስሜት ከሌለው እኩያው የበለጠ ካንሰር አይገኝበትም። «ምርመራው ንጹሕ ነው ተባልኩ፣ ድርቀቱ ግን አለ» የሚለው ቅሬታ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ምርመራው አልተሳሳተም፣ የተጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር።

ሁኔታው የሚለወጠው ድርቀቱ አዲስ ሲሆን ወይም ሌላ ምልክት ሲጨመርበት ነው። በየቀኑ በሰዓቱ ይወጣ የነበረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ልማዱ ከተለወጠ፣ ሰገራው ቀጭን እየሆነ ከመጣ፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የብረት እጥረት ያለበት ደም ማነስ ከተገኘበት፣ ወይም ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከነበረበት መታየት አለበት። ዕድሜም ይቆጠራል፦ በአሜሪካ ምንም ስሜት ለሌለው ሰው እንኳ የምርመራ መጀመሪያ ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተመክሯል።

ደሙን በጥንቃቄ ይመልከቱ

ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ደም አየሁ» ከማለት ይልቅ እንዴት እንዳዩት ቢናገሩ ብዙ ያግዛል። ደማቅ ቀይ ሆኖ ከሰገራው በኋላ የሚንጠባጠብ ወይም በሶፍት ላይ ብቻ የሚታይ ደም ብዙውን ጊዜ ከኪንታሮት ነው። ሲያስወጡ እንደ ምላጭ የሚቆርጥና ከዚያም ለሰዓታት የሚዘልቅ ሕመም ካለው የፊንጢጣ ስንጥቅ ይጠረጠራል፤ ስንጥቅ ደግሞ የደረቅ ሰገራ ልጅ ነው። ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ደም ከፍ ካለ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ንፍጥ ያለበት፣ ቁርጠትና ማማጥ የሚያስከትል ደም ደግሞ ወደ አንጀት ቁስለት ያመለክታል። እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚሸት ሰገራ ከጨጓራ አካባቢ ስለሚመጣ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ይመረመራል። የብረት ክኒን ሰገራን እንደሚያጠቁር፣ ቀይ ሥርም እንደሚያቀላው ማስታወስ ከድንጋጤ ያድናል።

ካሜራው ሲገባ የሚገኘው ነገር እንደ ዕድሜና እንደ አገር ይለያያል። ኪንታሮት በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው። ፖሊፕ የሚባለው ከግድግዳው ላይ እንደ ትንሽ እንጉዳይ የሚበቅል ሥጋ ሲሆን ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል። ከፖሊፖች አንዳንዶቹ ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው 10 ዓመት ገደማ ፈጅተው፣ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። ኮሎኖስኮፒ ከሌሎች ምርመራዎች የሚለይበት አንዱ ነገር ይህን ሥጋ ባየበት ሰዓት ቆርጦ ማውጣቱ ነው። ካንሰር ራሱ በግራው በኩል ሲሆን መተላለፊያውን እያጠበበ ድርቀትና የሚታይ ደም ያመጣል፤ በቀኝ በኩል አንጀቱ ሰፊ፣ ሰገራውም ገና ፈሳሽ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይደማል፣ በሽተኛው የሚያውቀውም ደሙ አንሶ ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ ነው።

በአገራችን ሐኪሙ ሌሎች ነገሮችንም በአእምሮው ይይዛል። ከጣና ዳርና ከሌሎች የውሃ ዳር አካባቢዎች ለመጣ ሰው ቢልሃርዚያ አንጀት ውስጥ የሚያበቅላቸው ፖሊፕ መሰል እብጠቶች፣ የአሜባ ቁስሎች፣ እንዲሁም ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ የሚቀመጥ ቲቢ ይታሰባሉ። ውጭ አገር የሚመረመሩ ከሆነ ያደጉበትን አካባቢ ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ እሱ ላይጠይቅዎት ይችላል፣ ከነገሩት ግን ናሙናውን የሚያየው ባለሙያም ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ኪንታሮት መገኘቱ ደሙ ከእሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ኪንታሮትና ፖሊፕ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ፤ ከ45 ዓመት በላይ የሆነና ደም ማነስ ያለበት ሰው «ኪንታሮት ነው» ተብሎ በቅባት ብቻ መሸኘት የለበትም። በሌላ በኩል ሌላ ምልክት የሌለበት የ25 ዓመት ወጣት በሶፍት ላይ ጥቂት ደም ስላየ ሙሉ ኮሎኖስኮፒ ላያስፈልገው ይችላል፤ በጣትና በአጭር መሣሪያ የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

ዝግጅቱን ከመጀመርዎ በፊት

ሆድዎ ተነፍቶ፣ ጋዝ ማውጣት አቅቶዎት የሚያስመልስዎት ከሆነ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ፈጽሞ አይጠጡ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አንጀት በዕብጠት ከተዘጋ ወይም ከተጠማዘዘ አራት ሊትር ፈሳሽ ከላይ መጨመር አንጀትን እስከ መቅደድ ያደርሳል። የታችኛው አንጀት ረዝሞ በራሱ ላይ መጠማዘዝ በአገራችን በደንብ የሚታወቅ ሕመም ነው፤ የዓመታት ድርቀት ያለበት ሰው ሆዱ በድንገት እንደ ከበሮ ቢነፋ «ድርቀቴ ባሰ» ብሎ መጠበቅ አይገባውም።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በወረቀት ጽፈው ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ለሐኪሙ ያሳዩ። የብረት ክኒን ከምርመራው ከ5 እስከ 7 ቀን አስቀድሞ ይቆማል፤ ሰገራን አጥቁሮ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋልና። እንደ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ሪቫሮክሳባን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው፤ የልብ ስቴንት ወይም ሰው ሠራሽ የልብ ቧንቧ በር ያለው ሰው በራሱ ፈቃድ ቢያቆም አደጋው ከምርመራው ይበልጣል። አስፕሪን ግን በአብዛኛው አይቆምም። የስኳር ሕመምተኛ ምግብ በማይበላበት ቀን እንደወትሮው ግሊቤንክላሚድ ቢውጥ ወይም ሙሉ ኢንሱሊኑን ቢወጋ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል የሁለቱን ቀን መጠን አስቀድሞ ማስጻፍ አለበት፤ ቀጠሮውም ጠዋት የመጀመሪያው ቢሆንለት ይሻላል። የደም ግፊት ክኒን ብዙውን ጊዜ በጠዋት በጥቂት ውሃ ይዋጣል፤ ሽንት የሚያበዛውን ግን ይጠይቁ።

የማጠቢያው ዓይነትም ይለያያል። በብዛት የሚታዘዘውና የሚሻለው ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት ከጨዎች ጋር ተቀላቅሎ በውሃ የሚበጠበጠው ነው። ዱቄቱ ወደ ደም አይገባም፤ የጠጡትን ውሃ አንጀት ውስጥ ይዞ እስከ መጨረሻው ይወርድና እንደ ጎርፍ ያጥባል፤ ከሰውነትም ውሃና ጨው ብዙ ስለማይስብ ኩላሊቱ ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ይመረጣል። ፎስፌት ያለበት ማጠቢያ ግን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ማኒቶል ደግሞ በአንጀት ባክቴሪያዎች ሲብላላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ፖሊፕ በኤሌክትሪክ በሚቆረጥበት ጊዜ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የታዘዘው ጠፍቶ «ያው ነው» ተብለው ሌላ ቢሰጥዎት ሳይገዙ ወደ ክፍሉ ይደውሉ።

ከሦስት ቀን በፊት፦ ምግብ

መደበኛ ሆድ ላለው ሰው የአንድ ቀን የምግብ ጥንቃቄ ይበቃው ይሆናል፤ ድርቀት ላለበት ግን ሦስት ቀን እመክራለሁ፣ ሰኞ የበላው ረቡዕም አንጀቱ ውስጥ ሊኖር ይችላልና። በተጨማሪም ሐኪሙ በእነዚህ ቀናት ማታ ማታ ቢሳኮዲል ክኒን ወይም ያንኑ ዱቄት በትንሽ መጠን ያዝለታል፤ ካላዘዘ «የቆየ ድርቀት አለብኝ» ብሎ ማስታወስ ተገቢ ነው። ዋናውን ማጠቢያ በጠጠረ ሰገራ ላይ ማፍሰስ የተዘጋ ቱቦን ሳይከፍቱ ማጠብ ነው።

የሐኪም ቤት ወረቀቶች ብዙ ጊዜ «ጥራጥሬና ጥሬ አትክልት አትብሉ» ብለው ያልፋሉ፤ ስለ እንጀራ ግን አይናገሩም። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ልጣጩ አይለይም፣ ከነገለባው ይፈጫል፤ ስለዚህ ነጩም ጤፍ ቢሆን ብዙ ብጣሪ አንጀት ውስጥ ይተዋል፣ ይህም የካሜራውን መምጠጫ ይደፍናል። በእነዚህ ሦስት ቀናት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ኑግ ይተዉ፤ እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዘይቱን ያለ ፍሬና ልጣጭ ያለውን ሁሉ እንዲሁ። በምትካቸው ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ የተላጠ ድንች ቅቅል፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ ወይም ለስላሳ ሥጋ በአልጫ መልክ ይብሉ። ጾም ላይ ከሆኑ ችግሩ ይገባኛል፤ የጾም ምግባችን ከሞላ ጎደል መተው ያለበት ነው። ሩዝ፣ ድንችና ነጭ ዳቦ በዘይት ለሦስት ቀን ያዘልቃሉ። በረመዳን ላይ ከሆነና ደሙ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ቀጠሮውን ማዛወር ይቀላል።

ዋዜማው፦ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ይጻፉ

የመጠጫ ሰዓት ስህተት ከማየው ጥፋት ሁሉ ይበዛል። ወረቀቱ 4:00 ይላል፤ ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግራ ይገባዋል። የሚከተለው የመጠጫ ሰዓት ቀጠሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለሆነ ሰው፣ ሁሉም በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። አራት ሊትር ማጠቢያ ታዝዟል ብለን እናስብ፤ የእርስዎ መጠን ከተለየ የታዘዘልዎትን ይከተሉ።

በዋዜማው ቀን ጠንካራ ምግብ የለም፤ አሳልፎ የሚያሳይ ፈሳሽ ብቻ ይጠጣል። ወተት የሌለው ሻይ፣ ወተት የሌለው ቡና፣ በጨርቅ የተጠለለ የሥጋ ወይም የአትክልት መረቅ፣ የተጠለለ ያልፈላ ብርዝ፣ የአፕል ጭማቂ፣ ቀለም የሌለው ለስላሳ ይፈቀዳሉ። አጥሚት፣ ወተት፣ የማንጎና የአቮካዶ ጁስ አይፈቀዱም፤ ቀይ መጠጥም ከደም ጋር ስለሚምታታ ይቀራል።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሐኪሙ ካዘዘ፣ ሁለት የቢሳኮዲል ክኒን ይዋጣል። ማጠቢያው በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ ይበጠበጣል፤ መለኪያ ከሌለ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ስኳር አይጨመርበትም። ፍሪጅ ውስጥ ቢቀዘቅዝ የጨውነቱ ጣዕም ይቀንሳል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት የመጀመሪያው ሁለት ሊትር ይጀመራል፦ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ በአንዴ ይጠጣል። ስምንት ብርጭቆ በሁለት ሰዓት፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ያልቃል። ድርቀት ያለበት ሰው ሦስትና አራት ብርጭቆ ጠጥቶም ምንም ላይመጣለት ይችላል፤ ይህ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም፣ እየተራመዱ መጠጣቱን ይቀጥሉ። ካቅለሸለሸዎት ግማሽ ሰዓት አርፈው በዝግታ ይመለሱ። ደጋግሞ ካስመለሰዎት፣ ሆድዎ እየተነፋ ምንም ካልወጣ ወይም ጠንካራ ሕመም ከመጣ ግን ያቁሙና ይደውሉ። በመካከል ሌላ ፈሳሽም ይውሰዱ፤ ሆኖም ባዶ ውሃ ብቻ በብዛት አይጠጡ፣ የሰውነትን ጨው ያወርዳል፤ መረቅ የተሻለ ነው።

ከዚያ ይተኙ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሱ። ሁለተኛው ሁለት ሊትር በተመሳሳይ መንገድ እስከ 12 ሰዓት ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምርመራው ውሃም ቢሆን ወደ አፍ አይገባም፤ ሐኪሙ በጠዋት ውሰድ ያለው ክኒን ካለ ብቻ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጣል። የተኛ ሰው መነሳት ይከብደዋል፣ ነገር ግን የምርመራውን ውጤት የሚወስነው ይህ ግማሽ ነው። ሌሊቱን ትንሹ አንጀት ሐሞትና ንፍጥ እየላከ የቀኙን አንጀት መልሶ ይቀባዋል፤ የሌሊቱ መጠጥ የሚያጥበው ይህንን ነው። የጠቀስኳቸው እናት በመጀመሪያው ዝግጅት የምሽቱን ጠጥተው የሌሊቱን ትተውት ነበር፤ ማታ ብዙ ስላስቀመጣቸው «ሆዴ ባዶ ሆኗል» ብለው አሰቡ። የብረቱን ክኒን ማንም ስላልነገራቸው አላቆሙም፤ ሁለት ቀን ቀደም ብሎም እንጀራ በምስር በልተዋል። ሦስቱ ስህተቶች ተደምረው ስክሪኑ ላይ ያየነውን ሰጡን።

ስለ ቤቱም ይሰናዱ። ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር ከሆነ አስቀድመው በርሜል ይሙሉ። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ወይም የጋራ ከሆነ፣ በተለይ ለአረጋዊ፣ አልጋው አጠገብ ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ፖፖ ያኑሩ፣ መብራትም አያጥፉ፤ በጨለማ እየሮጡ ወድቀው የተሰበሩ ሰዎች አሉ። ከመጀመሪያው መቀመጥ በፊት ቫዝሊን መቀባትና በሶፍት ከመጥረግ ይልቅ በውሃ መታጠብ ኪንታሮት ወይም ስንጥቅ ላለበት ሰው ከብዙ ቃጠሎ ያድነዋል።

መታጠቡን በዓይን ማረጋገጥ

የወጡበት ብዛት አይቆጠርም፤ የሚታየው የመጨረሻው ነው። በመጀመሪያ ፍርፋሪ ያለበት ቡናማ ይወጣል፣ ከዚያ ድፍርስ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ ድፍርስ ቢጫ፣ በመጨረሻ እንደ ሽንት የጠራ ቢጫ ውሃ። የሳህኑ ወይም የባልዲው ወለል በውሃው ውስጥ ጥርት ብሎ ከታየ ደርሰዋል። ጥቂት የሚንሳፈፍ ዝልግልግ ነገር አያስጨንቅም፣ ይመጠጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ገና ድፍርስ ቡናማ ከሆነ ግን ደብቀው አይሂዱ፤ ደውለው ይንገሩ። ምርመራውን ለከሰዓት ማዛወር፣ ተጨማሪ ማጠቢያ መስጠት ወይም ቀኑን መለወጥ ይቻላል። ባልታጠበ አንጀት የተደረገ ምርመራ ትንሽ ፖሊፕን ያሳልፋል፣ በሽተኛውም «ታይቼ ምንም የለብኝም» ብሎ ዓመታት ይቀመጣል።

የምርመራው ቀን

የሚያጅብዎት አዋቂ ሰው ይዘው ይምጡ። ማስታገሻ መርፌ ስለሚሰጥ ለ24 ሰዓት መኪና መንዳትም ሆነ ውል መፈረም አይገባም። በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ አንጀቱን ለመክፈት ጋዝ ስለሚነፋ ሆድ ይወጠራል፣ ጋዙን ማውጣት ነውር አይደለም፣ እኛም እንጠብቀዋለን። መሣሪያው መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይገባል፤ በጥንቃቄ የሚታየው ሲመለስ ነው፣ ይህም ሳይቸኩሉ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይወስዳል። መሣሪያው አንጀትን የመብሳት አደጋ አለው፤ ለምርመራ ብቻ በሚደረግበት ጊዜ ከ1,000 ሰው ከአንድ ያንሳል፣ ትልቅ ፖሊፕ ሲቆረጥ ግን ይጨምራል። ከቤት ከገቡ በኋላ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ወይም ብዙና የረጋ ደም ካዩ ወዲያውኑ ይመለሱ። ፖሊፕ የተቆረጠለት ሰው እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊደማ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሐኪም ወደሌለበት ሩቅ አገር ባይጓዝ ጥሩ ነው።

የውጤቱን ወረቀት ሲቀበሉ ሦስት ነገሮች መጻፋቸውን ይመልከቱ። አንደኛው መሣሪያው እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ መድረሱ ነው፤ የትርፍ አንጀት ቀዳዳ ፎቶ ማስረጃው ነው። ሁለተኛው የንጽሕናው መጠን ሲሆን በብዙ ቦታ በቦስተን መለኪያ ይጻፋል፦ አንጀቱ በሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ያገኛል፣ ሦስቱም ቢያንስ 2 ካገኙ በቂ ነው። ሦስተኛው የተወሰደው ናሙና ብዛትና ውጤቱ የሚመጣበት ቀን ነው።

እኒያ እናት ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። የብረቱን ክኒን ከሳምንት በፊት አቁመዋል፣ ሦስት ቀን ሩዝና ድንች በልተዋል፣ ልጃቸው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ቀስቅሳ ብርጭቆውን እየቆጠረች አጠጥታቸዋለች። በቦስተን መለኪያ ከ9 ነጥብ 8 አገኙ። የአንጀታቸው ግድግዳ በብዙ ቦታ እንደ ነብር ቆዳ ጠቋቁሮ ነበር፤ ይህ የረጅም ጊዜ ሰናመኪ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ ካንሰር አይደለም፣ ሰናመኪው ሲቆም በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። መውጫው ላይ ኪንታሮት ነበር። ከእሱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በመጀመሪያው ቀን በጥቁር ሰገራ ተሸፍኖ የቀረ፣ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ግንድ ያለው ፖሊፕ ተቀምጧል፤ ጫፉ ቀልቶ ሲነካ ይደማል። ሐኪሙ በሽቦ ቀለበት አንቆ ቆረጠው። የላቦራቶሪው መልስ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል፣ ነገር ግን ገና ያልሄደ ዕጢ መሆኑን ገለጸ፤ መጠኑ ከ10 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ የሚቀጥለው ምርመራ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ። ድርቀታቸውን ምርመራው አልፈታውም። ለእሱ የእንቅርት ዕጢ የደም ምርመራ ታዘዘላቸው፣ ሰናመኪውም በየቀኑ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በሚበጠበጥ 17 ግራም የዚያው ማጠቢያ ዱቄት ተተካ።